የ81,995 ብር የፍሪሲዮን ፕሮፎርማ፦ የቱ ላይ ልከራከር?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ያሪስ ነው፣ በፈረንጅ የ2008 ሞዴል፣ 1.3፣ የእጅ ማርሽ። ሰሞኑን ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ፍጥነት አይጨምርም። ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ጭራሽ ሊቆምብኝ ደረሰ። የተቃጠለ ነገርም ይሸት ነበር።

ጋራዥ ወሰድኩት። አንዱ ልጅ አንድ ዙር ነዳውና «ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለኝ። ከዚያ ቢሮ ገብተው ይህን ፕሮፎርማ ጻፉልኝ። እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

ፍሪሲዮን ኮምፕሌት (ጌንዩን) … 38,000
የካምቢዮ ዘይት 4 ሊትር … 6,000
ኦይል ሲል … 1,800
ቮላኖ ቶርኖ ማስገባት … 3,500
የሞተር መያዣ ጎማ … 7,500
ልዩ ልዩ … 2,500
የእጅ ዋጋ … 12,000
ድምር … 71,300
ቫት 15% … 10,695
ጠቅላላ … 81,995

ከታች «ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለ3 ቀን ብቻ ነው» የሚል ማህተም አለ። እኔ ደግሞ ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መቅዳት ብቻ ነው። የእጅ ዋጋው በዛብኝ፣ እሱን አስቀንሼ ላሠራ? ወይስ ሌላ ጋራዥ ልጠይቅ?

---

ቆቁ

እህቴ፣ ተበልተሻል! ጌንዩን የሚባል ነገር የለም፣ የስም ጨዋታ ነው። ውስጡ አንድ ነው፣ ሣጥኑ ነው የሚለያየው። ራስሽ መርካቶ ወርደሽ ኮምፕሌቱን ግዢ። እነሱ የሚያስከፍሉሽ እጅ ብቻ ይሁን። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ጋራዥ ዕቃ እንዲገዛልሽ መፍቀድ ማለት ድመትን ሥጋ አስጠብቆ መተኛት ነው።

---

ከአሌክሳንድሪያ

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ የእጅ ዋጋ በሰዓት ነው የሚሰላው። ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የተጻፈበት ማውጫ አላቸው። ማውጫው አምስት ሰዓት ካለ መካኒኩ በሦስት ቢጨርሰውም የአምስት ትከፍያለሽ። በስምንት ቢጨርሰውም የአምስት ነው። እኔ የምሄድበት ጋራዥ በሰዓት 150 ዶላር ነው። ስለዚህ ዝም ብለሽ «ስንት ሰዓት ነው? በሰዓት ስንት ነው?» በያቸው። ካልነገሩሽ እያጭበረበሩ ነው።

---

የሰሚቷ

@ከአሌክሳንድሪያ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «እኛ በሥራ ነው እንጂ በሰዓት አንሠራም» አሉኝ።

---

ጋሽ ቮላኖ

ልጄ፣ ቢስቁም አልዋሹሽም። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ጋራዥ የሚዋዋለው በሥራ ነው። «ፍሪሲዮን ማውረድና መግጠም ይህን ያህል» ተብሎ ነው የሚነገረው። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አሁን ወገቤ አልችል ብሎኝ አርፌአለሁ።

መጀመሪያ ግን ፍሪሲዮኑ ማለቁን በራስሽ አረጋግጪ። ሜዳ ላይ አቁሚና ፊት ለፊትሽ ሰው እንዳይኖር አድርጊ። የእጅ ፍሬኑን በደንብ ያዢ። ሦስተኛ ማርሽ አስገቢ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጪና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ደህና ከሆነ ሞተሩ ተንገጫግጮ ይጠፋል። እግርሽን ሙሉ በሙሉ ለቀሽ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተንሸራተተ ነው፣ አልቋል። አንዴ ብቻ ሞክሪው፣ ደጋግመሽ አታቃጥዪው።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። «ፍሪሲዮን አስቸገረኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሸራው አልቆበት አይደለም። ማርሹ አልገባ ካለ፣ ፔዳሉ ወደ ታች ሄዶ ካልተመለሰ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፔዳሉ ሥር ያለው ወይም ካምቢዮው ላይ ያለው ፖምፓ ዘይት ማፍሰሱ ነው። እሱ ካምቢዮ ሳይወርድ ይቀየራል። የአንቺ ምልክት ግን የሸራ ነው የሚመስለው።

---

የሰሚቷ

አሁን ግቢ ውስጥ ሞከርኩት፣ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ። ሞተሩ አልጠፋም ጋሼ። እየጮኸ ቀጠለ። ሽታው ደግሞ ተመልሶ መጣ።

---

ጋሽ ቮላኖ

እንግዲያው አልቋል። አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ።

የእጅ ዋጋው ላይ ነው ያተኮርሽው። እኔ ግን መጨረሻ ላይ የምነካው እሱን ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ፍሪሲዮኑ ያለው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ነው። እሱን ለማየት ብቻ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ጎማ ይፈታል፣ የሁለቱ ጎማ አክስሎች ይወጣሉ፣ ሞተሩ ይደገፋል፣ ካምቢዮው ይወርዳል። ሥራው እሱ ነው። ሸራውን አውጥቶ መቀየር የሃያ ደቂቃ ነገር ነው። 12,000 ብሩን የምትከፍዪው ለማውረዱና ለመስቀሉ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ካምቢዮው አንዴ ከወረደ እዚያ ውስጥ ላለ ለሌላ ዕቃ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ የለም። ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ፕሬዠር፣ ኩሽኔታው፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው ኦይል ሲል፣ ሸራው የሚያርፍበት ቮላኖው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ናቸው። ኦይል ሲሉ 1,800 ማለት ዕቃው ብቻ ከሆነ እሺ። የአንዳንዱ ጋራዥ ብልጠት ለኦይል ሲልም ለኩሽኔታም ለየብቻ እጅ መጻፍ ነው። አንቺ ላይ አልጻፉም፣ ያ ለእነሱ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛ፣ እዚያ ውስጥ ርካሽ ዕቃ አታስገቢ። ርካሹ ኩሽኔታ ከአራት ወር በኋላ መጮህ ከጀመረ፣ ኩሽኔታዋ ራሷ ጥቂት ብር ናት፣ የማውረጃው 12,000 ግን እንደገና ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ዕቃው የሚደርሱበት ቦታ በራቀ ቁጥር ጥሩ ዕቃ ግዢ። እጅ ዘርግተሽ የምትደርሺበት ነገር፣ የአየር ማጣሪያ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ እሱ የፈለገው ዓይነት ይሁን።

---

ቆቁ

እና ጋሼ፣ ጌንዩን 38,000 ትክፈል ነው የሚሉት? አንድ ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ?

---

ጋሽ ቮላኖ

ግማሹን ትክክል ብለሃል፣ ግማሹ ግን ሰው ያስበላል።

ቶዮታ ፍሪሲዮን አይሠራም። ያሠራል። አይሲን የሚባለው የጃፓን ድርጅት ለቶዮታ ከሚሠሩት አንዱ ነው፣ ኤክሰዲም አለ። እነዚህ የሠሩት ዕቃ በቶዮታ ሣጥን ሲሸጥ አንድ ዋጋ ነው፣ በራሳቸው ሣጥን ሲሸጥ ደግሞ ቀነስ ይላል። እኔ በእጄ ይዤ ሁለቱን ብዙ ጊዜ አስተያይቻለሁ፣ ለፍሪሲዮን ያንን ከመግዛት አልቆጠብም። እስከዚህ ልክ ነህ።

ነገር ግን «ውስጡ ሁሉ አንድ ነው» ማለት ሌላ ነው። ስም የሌለው ሣጥን፣ ወይም ስሙ አንድ ፊደል የተለወጠበት ሣጥን ውስጥ ያለው ሸራ አንድ አይደለም። ጭራሽ የቶዮታ ሣጥን አስመስለው አሳትመው የሚሸጡም አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ጌንዩን ነው አይደለም ሳይሆን ማን ሠራው ነው።

«ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ደግሞ ጨርሰሽ አትመኚው። አንዱ ነጋዴ ኦሪጅናል ሲል በቶዮታ ሣጥን ያለውን ነው። ሌላው የጃፓን ሥራ ማለቱ ነው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ኦሪጅናል ብለው ከተበተነ መኪና ላይ የወረደውን ያገለገለ ዕቃ ይሰጡሻል። እሱም ለአንዳንድ ነገር መጥፎ አይደለም፣ ለበር፣ ለመብራት። ያገለገለ የፍሪሲዮን ሸራ ግን የሌላ ሰው እንጦጦ ነው የምትገዢው።

---

የሰሚቷ

«የሌላ ሰው እንጦጦ» 😂 ታዲያ የእኔ ጋራዥ ጌንዩን ብሎ የጻፈው የቱን ማለቱ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

---

ጋሽ ቮላኖ

የዕቃውን ቁጥር ጠይቂ። ቶዮታ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው። የፍሪሲዮን ሸራ በ31250 ይጀምራል፣ ፕሬዠሩ በ31210፣ ኩሽኔታው በ31230። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመኪናሽ ዓይነት ነው። በሊብሬሽ ላይ ባለው የቻሲስ ቁጥር ሞኤንኮ ሄደሽ ማስጠየቅ ትችያለሽ፣ ቁጥሩንም ዋጋውንም። ባትገዢም መለኪያ ይሆንሻል።

ከዚያ ጋራዡን «ፕሮፎርማው ላይ ቁጥሩንና ማን እንደሠራው ጻፉልኝ» በያቸው። በእውነት ጌንዩን ከሆነ ለመጻፍ ምን ይቸግራቸዋል?

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። የካምቢዮ ዘይት አራት ሊትር አይፈጅም። የያሪስ የእጅ ማርሽ ካምቢዮ ሁለት ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። ሁለት ሊትሩ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ። «ልዩ ልዩ» የሚባል መስመር ምን ምን እንደሆነ ይዘርዘር። ቫቱን በተመለከተ፣ ጋራዡ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ደረሰኙም ከማሽን ይወጣል። ያልተመዘገበ ሰው ቫት ማስከፈል አይችልም፣ የሚያስከፍለው ለራሱ ኪስ ነው።

---

ዝናብ

ይቅርታ በሰው ክር ገባሁ። የእኔም ቪትዝ ዳገት ላይ ልክ እንደዚህ ነው፣ ይጮኻል አይሄድም። አውቶማቲክ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ባስቀይር 38,000 ውስጥ ያልቃል ማለት ነው?

---

ጋሽ ቮላኖ

አይ ዝናብ፣ የአንተ መኪና ፔዳል የለውም እኮ። እሱ ሌላ በሽታ ነው። እዚህ ካለው አውቶማቲክ ቪትዝ ብዙው በብረት ቀበቶ የሚሠራ ሲቪቲ ካምቢዮ ነው። መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን አሳይ፣ መጠኑንና ቀለሙን። ከዚያም ማን ምን ዓይነት ዘይት እንደጨመረበት አስታውስ። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፣ ተራ አውቶማቲክ ዘይት ጨምረው ያበላሹትን ብዙ አይቻለሁ። ለብቻህ ክር ክፈት፣ እዚህ ከተደባለቀ ሁለታችሁም ትሳሳታላችሁ።

---

ቶርኖው_ልጅ

ስለ ቮላኖው አንድ ነገር ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ። ለሁሉም ፍሪሲዮን ቮላኖ ቶርኖ መግባት አለበት የሚባለው ልክ አይደለም። ፊቱ ለስላሳ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጎ መግጠም ይበቃል። ሰማያዊ ነጥብ ካለው፣ ማለትም ከሙቀት የተለበለበ ቦታ ካለው፣ ወይም በጥፍር ሲነካ የሚያዝ ጭረት ካለው ያኔ ይላጥ። ስንጥቅ ካለው ደግሞ መላጥም አይጠቅም። ካምቢዮው ሳይወርድ ቮላኖው ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። ታዲያ ፕሮፎርማው ላይ እንዴት ተጻፈ?

---

ጋሽ ቮላኖ

ሳይጻፍ ቀርቶ በኋላ ሲጨመር ደንበኛ ስለሚጣላ ነው የሚጽፉት። «ታይቶ» ተብሎ ይጻፍ። አስፈላጊ ከሆነ 3,500፣ ካልሆነ ይቀነስ። እኔ ግን ያን ያህል የሸተተ ፍሪሲዮን ቮላኖውን ሳይለበልብ ይቀራል ብዬ አላስብም።

---

ቶርኖው_ልጅ

እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። ሸትቶ ቮላኖው ንጹህ ሆኖ የመጣልኝ አለ። ሸራው ቀድሞ ያልቃል። ይታይ ባይ ነኝ።

---

ላዳ_ናፋቂ

በእኔ ጊዜ ላዳ ፍሪሲዮን ግማሽ ቀን ነበር፣ ለሽልማት ሻይ ትጋብዛለህ አበቃ። አሁን ዕቃ ሁሉ ሰማይ ነክቷል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ዶላሩ ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ፣ «3 ቀን ብቻ» የሚለውን ማህተም ሁሉም ቤት ነው የሚመታው። ነጋዴውም ነገ ስንት እንደሚያስመጣ አያውቅም። ማህተሙን አይታችሁ አትደንግጡ ለማለት ነው።

---

ቆቁ

እኔ ግን አሁንም ዕቃውን ራሷ ትግዛ ነው የምለው። ጋራዡ ዕቃ ላይ ትርፍ እንደሚጨምር ማን ያጣዋል?

---

ጋሽ ቮላኖ

ይጨምራል። ሄዶ ይገዛል፣ ብሩን ያስቀምጣል፣ ከተበላሸ ይመልሳል፣ ለዚያ ትርፍ መውሰዱ ሌብነት አይደለም። ስንት ነው የሚለው ነው።

አንተ ራስህ ስትገዛ ደግሞ የምታጣውን ነገር አስብ። ፍሪሲዮኑ በወሩ መንሸራተት ቢጀምር ጋራዡ «ዕቃህ ነው» ይላል። ሱቁ «አገጣጠሙ ነው» ይላል። አንተ በመሃል ትቀራለህ፣ ካምቢዮ ማውረጃውን የሚከፍልልህ የለም። ደግሞም የተሳሳተ መጠን ይዘህ ልትመጣ ትችላለህ። ሸራው በስፋቱና በመሃሉ ባሉት ጥርሶች ብዛት ይለያያል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ጎን ለጎን ተይዞ ጥርሱ ካልተቆጠረ በስተቀር «ያሪስ ነው» ብሎ የሚሸጥልህን አትመን።

መግዛት የምትፈልግ ሰው ትግዛ። ግን «ብሳሳት የእኔ ጥፋት ነው» ብላ ተዘጋጅታ። ካልሆነ ጋራዡ ይግዛ፣ ቁጥሩ ይጻፍ፣ ዋስትናው ዕቃውንም እጁንም ይጠቅልል፣ አሮጌው ዕቃ ይመለስልሽ።

---

ከአሌክሳንድሪያ

እዚህም እንደዚያው ነው። የራስሽን ዕቃ ይዘሽ ከሄድሽ አንዳንዱ ጋራዥ አይገጥምም፣ የሚገጥመውም ዋስትና አይሰጥም። ቀደም ሲል «እያጭበረበሩ ነው» ያልኩትን አንስቻለሁ።

---

የሰሚቷ

እሺ፣ ሦስት ቀን ጠፋሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቁጥሩን ስጠይቃቸው ቢሮ ያለችው ልጅ ዕቃ ገዢውን ጠራችው። መጀመሪያ «የጃፓን ነው እናቴ፣ አትስጊ» አለኝ። ቁጥሩን ጻፍልኝ ስለው ትንሽ አሰበና እውነቱን ተናገረ። የሚገዛው በቶዮታ ሣጥን ያለውን ሳይሆን የአይሲኑን ነበር። ሁለቱን ለየብቻ ጻፍልኝ አልኩት። አይሲኑ 26,000 መጣ።

ዘይቱን «ተለምዶ ነው» ብለው ወደ ሁለት ሊትር አወረዱት፣ 3,000። ልዩ ልዩው የፍሪሲዮን ፖምፓ ዘይትና ማጽጃ ነው አሉ፣ 600 ሆነ። ቮላኖው «ታይቶ» ተጻፈ። የሞተር መያዣ ጎማውን አሳዩኝ ስላቸው «ለወደፊቱ ብለን ነው» አሉኝ፣ አስወጣሁት። የእጅ ዋጋውን አልነካሁም። የቫት ቁጥራቸው ወረቀቱ ላይ አለ።

ካምቢዮው ሲወርድ ደውለው ጠሩኝ። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አየሁ (@ቶርኖው_ልጅ፣ ይቅርታ፣ ጋሼ አሸነፉ)። ቶርኖ ገባ። የአሮጌውንና የአዲሱን ሸራ ጥርስ ራሴ ቆጠርኩ፣ መካኒኮቹ እየሳቁ። እኩል ነው።

በመጨረሻ 26,000፣ 3,000፣ 1,800፣ 3,500፣ 600፣ እጅ 12,000። ድምር 46,900፣ ከነቫቱ 53,935። ዋስትና ሦስት ወር፣ ዕቃውንም እጁንም፣ በጽሑፍ። አሮጌውን በፌስታል ሰጡኝ። ሸራው እስከ ብረት ሚስማሩ ድረስ አልቆ ነበር።

---

ጋሽ ቮላኖ

ጎበዝ ልጅ። ሦስት ወሩ ትንሽ ነው፣ እኔ ብሆን ለስድስት እከራከር ነበር። ግን በጽሑፍ መያዝሽ ጥሩ ነው።

---

ቶርኖው_ልጅ

አንድ ቮላኖ ነው ያሸነፉት፣ ሒሳቡ ገና አልተዘጋም 😄

የሞተር ጎማውን በማስወጣትሽ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ መቀየሩ ይቀል ነበር። መኪናው ቆሞ ሲሠራ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር?

---

የሰሚቷ

ትንሽ። ኤሲ ስከፍት በተለይ። እኔ ግን ሁሌም እንደዚያ ስለሆነ መደበኛ መስሎኝ ነበር። ከአዲሱ ፍሪሲዮን በኋላም አለ።

---

ጋሽ ቮላኖ

እሱ ከጎማው ሊሆን ይችላል፣ ከካንዴላም ሊሆን ይችላል፣ ሲቆም የሞተሩ ዙር ዝቅ ብሎም ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን ከፍተሽ ሌላ ሰው ፍሪሲዮን ይዞ አንደኛ ሲያስገባና ሲለቅ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚዘል እዪ። ጎማው ተሰንጥቆ ከሆነ በዓይን ይታያል። ደግነቱ አብዛኛው የሞተር ጎማ ካምቢዮ ሳይወርድ ይቀየራል። ያኔ ደግሞ የጃፓን ካልሆነ ብለሽ አትከራከሪ።

አዲሱ ሸራ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሊሸት ይችላል፣ አትደንግጪ። ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ በፍሪሲዮን አንጠልጥለሽ አትቁሚ። እንጦጦንም ለጊዜው ተይው።

---

የሰሚቷ

ጋሼ፣ እኅቴ የምትኖረው እዚያ ነው 🙈

---

ዝናብ

የቪትዜን ዘይት አሳየሁ። ጥቁር ነው፣ የተቃጠለ ይሸታል። መካኒኩ «ካምቢዮው ሙሉ ይቀየር፣ ያገለገለ አገኝልሃለሁ» ይለኛል። ክር እየከፈትኩ ነው፣ ጋሼ እባክዎ እዚያም ይምጡልኝ።